የማይታየው ማዕከል
ስለ አውታር ርዝመትና ስለሚቆራረጡ አውታሮች

(በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሠራተኞችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ድሬዳዋን የወለዳት ሐዲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ እየተዘረጋ የመጣው መስመር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ከተራራው ሥር ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ በቀለ። የዚያ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ደግሞ 1435 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ሁለቱ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ሁለቱም ግን ይታጠፋሉ። የባቡር መታጠፊያ እንደ መኪና መንገድ በሾፌሩ መሪ እየተስተካከለ የሚታለፍ አይደለም፤ ባቡሩ ሐዲዱ የመራውን ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ኩርባው ራሱ የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ሆኖ መሬት ላይ መቀመጥ አለበት። የዚያ ክብ ሬዲየስ አንድ ሺህ ሜትር ነው ብንል፣ ማዕከሉ ከሐዲዱ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከቁጥቋጦ መሃል ወይም ከኮረብታ ሆድ ውስጥ ይውላል። ማንም ሄዶ ካስማ አይተክልበትም።

የሐዲድ ጥገና ሠራተኞች ግን የዚያን ክብ ሬዲየስ ከሐዲዱ ሳይርቁ ይለካሉ። መሣሪያቸው ሃያ ሜትር ሲባጎና አንድ ማስመሪያ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ እንዴት እንደሚሆን ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉን ሁለት ሕጎች ናቸው፤ ሁለቱም በትምህርት ቤት ያለፋችሁባቸው ናቸው፤ ብዙዎቻችሁም ከፈተናው ማግስት ረስታችኋቸዋል። አልፈርድባችሁም። በመጽሐፍ ላይ ሁለቱ ሕጎች ተለያይተው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና እንደሌለው ሆነው ነው የሚቀርቡት። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሆድ የሚወጣ መሆኑን ነው።

ማዕከሉ ከማይታየው ክብ በፊት ማዕከሉ በሚታየው እንጀምር። የጄኔሬተር ናፍጣ የሚይዝ፣ በጎኑ የተጋደመ የብረት ታንከር አስቡ። ጫፉ ላይ ቆማችሁ ስታዩት ክብ ነው። ዲያሜትሩ ሁለት ሜትር ይሁን፤ ስለዚህ ሬዲየሱ 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ አምስት ሜትር ይሁን። ውስጡ ያለው ናፍጣ ገጽ፣ ከጫፍ ሲታይ፣ ከአንዱ የታንከሩ ግድግዳ ወደ ሌላው የተሳለ ቀጥ ያለ መስመር ነው። በክብ ዙሪያ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ቀጥታ መስመር አውታር ይባላል። ጥያቄው፦ የናፍጣው ጥልቀት 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የገጹ ስፋት ስንት ነው?

ማዕከሉ ከታንከሩ ወለል 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ናፍጣው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ከማዕከሉ እስከ ናፍጣው ገጽ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ቀጤ ነክ መስመር አውታሩን ሲነካው ልክ ከመካከሉ ይከፍለዋል። ለምን ቢባል፣ ከማዕከሉ ወደ ሁለቱ የአውታሩ ጫፎች መስመር ብንስብ ሁለት ቀጤ ጎነ ሦስቶች እናገኛለን። የሁለቱም ረጅም ጎን ሬዲየስ ነው፤ ቀጤ ነኩ ደግሞ የጋራቸው ነው። ሁለት ጎናቸው እኩል ከሆነ ሦስተኛውም እኩል ከመሆን አያመልጥም። ከዚህ በኋላ ያለው የፓይታጎረስ ሥራ ነው። የሬዲየሱ ስኩዌር 10,000፤ የርቀቱ ስኩዌር 3,600፤ ልዩነታቸው 6,400፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 80። ይህ ግማሹ አውታር ነው። ሙሉው የገጹ ስፋት 160 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው፦ ከሬዲየሱ ስኩዌር ላይ የርቀቱን ስኩዌር ቀንስ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ እጥፍ አድርገው። ከማዕከሉ በእኩል ርቀት ላይ ያሉ አውታሮች እኩል ናቸው፤ ወደ ማዕከሉ የቀረበ ይረዝማል፤ በማዕከሉ የሚያልፈው ከሁሉ ይረዝማል፤ እሱም ዲያሜትር ነው።

ይህን ሁሉ ሰው ይቀበላል። የማይጠብቀው ግን አውታሩ የሚያጥርበትን ፍጥነት ነው። ታንከሩን ከግማሹ ጀምረን እናጉድለው። ጥልቀቱ 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ሳለ ገጹ 200 ይሰፋል። ወደ 72 ሲወርድ፣ ማለትም ከማዕከሉ 28 ሲርቅ፣ ስፋቱ 192 ነው። ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ሙሉ ወርደን የጠበበው ስምንት ብቻ ነው። 40 ላይ 160፣ 20 ላይ 120 ይሆናል። 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ስንደርስ ግን 56 ብቻ ይቀራል። ከ20 ወደ 4 የወረድነው አሥራ ስድስት ሳንቲ ሜትር፣ ገጹ የጠበበው ስድሳ አራት! ከማዕከሉ አጠገብ አውታሩ ምንም የማይሰማው ይመስላል፤ ከጠርዙ አጠገብ ግን ይንኮታኮታል።

ይህ በብር የሚቆጠር ነገር ነው። ታንከሩ አምስት ሜትር ስለሚረዝም፣ ከግማሹ አካባቢ አንድ ሳንቲ ሜትር ናፍጣ ማለት 100 ሊትር ነው። ጥልቀቱ 40 በሆነበት አንድ ሳንቲ ሜትር 80 ሊትር፣ 20 በሆነበት 60፣ 4 በሆነበት 28 ሊትር ነው። አሁን አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ የናፍጣውን ጥልቀት የሚለካበትን ዘንግ ከላይ እስከ ታች በእኩል ክፍል ከፋፍሎ ሊትር ጻፈበት እንበል። ታንከሩ ሲሞላ 15,700 ሊትር ያህል ይይዛል። ዘንጉ 20 ሳንቲ ሜትር ሲረጥብ፣ ይህ የቁመቱ አንድ አሥረኛ ነውና፣ 1,570 ሊትር ብሎ ይመዘግባል። ውስጥ ያለው ግን 818 ሊትር ገደማ ነው። ግማሹን ያህል የሰረቀ ሌባ የለም፤ የሌለ ናፍጣ የጻፈ ዘንግ እንጂ። ታንከሩ ልክ እስከ ግማሹ ሲሆን ዘንጉ እውነት ይናገራል፤ ከግማሽ በላይ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው አሳንሶ ይናገራል። ቆሞ የሚቀመጠው ሮቶ ይህ ችግር የለበትም፤ የውሃው ገጽ በየትኛውም ከፍታ አንድ ዓይነት ክብ ስለሆነ እኩል ምልክት ይበቃዋል። ችግሩ የሚመጣው ክቡ ሲጋደም ነው።

በነገራችን ላይ እውነተኛ ታንከር ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ጫፎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ሳይሆኑ ወደ ውጭ የነፉ ናቸው፤ ታንከሩም ለማፍሰሻ እንዲመች ትንሽ አዘንብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ያኔ ስሌታችን ጥሩ ግምት እንጂ ትክክለኛ ልክ አይሆንም፤ ትክክለኛው ሠንጠረዥ የሚዘጋጀው የታወቀ መጠን እየተሞላ ዘንጉ ላይ ምልክት እየተደረገ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕግ። ያንኑ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ታንከር መልሳችሁ ተመልከቱት። የናፍጣውን ገጽ መካከል ነጥብ አድርጉበት። በዚያ ነጥብ ሁለት አውታሮች ይቆራረጣሉ። አንደኛው የናፍጣው ገጽ ነው፤ ነጥቡ 80 እና 80 አድርጎ ከፍሎታል። ሌላው ከታንከሩ ጣሪያ ወደ ወለሉ የሚወርደው ዲያሜትር ነው፤ ነጥቡ ከሥሩ 40፣ ከላዩ 160 አድርጎ ከፍሎታል። ሰማንያ ጊዜ ሰማንያ 6,400 ነው። አርባ ጊዜ መቶ ስልሳም 6,400 ነው።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። በአንድ ክብ ውስጥ ሁለት አውታሮች ሲቆራረጡ፣ የአንዱ ሁለት ቁራጮች ብዜት ከሌላው ሁለት ቁራጮች ብዜት ጋር እኩል ነው። ልብ በሉ፣ ብዜት ነው ያልኩት። ድምሩ እኩል አይደለም፤ ሰማንያና ሰማንያ 160 ሲሆን አርባና መቶ ስልሳ 200 ነው። ተማሪዎች እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት አንዱን ቁራጭ ከሙሉው አውታር ጋር ሲያባዙ ነው። መባዛት ያለበት ቁራጭ ከቁራጭ ነው።

ሁለቱ አውታሮች በቀጤ ማዕዘን የተገናኙ ስለሆነ ነው የሚል ሰው ካለ፣ በዚያው ነጥብ የሚያልፍ ሦስተኛ፣ ያዘነበለ አውታር እንሳል። ከማዕከሉ ያለው ቀጤ ነክ ርቀት 36 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት የግማሹ አውታር ስኩዌር 10,000 ሲቀነስ 1,296፣ ማለትም 8,704 ነው፤ ግማሹ አውታር 93.3 ያህል ይሆናል። የእኛ ነጥብ ግን የዚህኛው አውታር መካከል ላይ አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ብሏል። ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለ ያው ፓይታጎረስ ይነግረናል፦ ነጥቡ ከማዕከሉ 60 ይርቃል፤ ቀጤ ነኩ 36 ነው፤ 3,600 ሲቀነስ 1,296 ደግሞ 2,304 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 48። ስለዚህ አንደኛው ቁራጭ 93.3 ሲደመር 48፣ ሁለተኛው 93.3 ሲቀነስ 48 ነው፤ 141.3 እና 45.3። አባዟቸው፤ ያጠጋጋነውን ይቅር ብላችሁ እንደገና 6,400።

ለምን? እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ ይከፍለናል። የአንድ ድምርና የአንድ ልዩነት ብዜት የስኩዌሮቹ ልዩነት መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ የሁለቱ ቁራጮች ብዜት የግማሹ አውታር ስኩዌር ሲቀነስ የፈቀቅታው ስኩዌር ነው፤ በቁጥር 8,704 ሲቀነስ 2,304። አሁን እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ አስታውሱ። የመጀመሪያው የሬዲየሱ ስኩዌር ሲቀነስ 1,296 ነበር። ሁለተኛው የነጥቡ ርቀት ስኩዌር ሲቀነስ ያው 1,296 ነበር። አንዱን ከሌላው ስንቀንስ 1,296 ከሁለቱም ወገን ይጠፋል። የሚቀረው 10,000 ሲቀነስ 3,600 ብቻ ነው። ያ የጠፋው ቁጥር ደግሞ ስለ አውታሩ አቅጣጫ የሚናገረው ብቸኛ ቁጥር ነበር። አውታሩ ቀና ይበል፣ ይዘንብል፣ ይገልበጥ፣ ልዩነት የለውም፤ ብዜቱ የሚያውቀው ክቡንና ነጥቡን ብቻ ነው፤ የሬዲየሱ ስኩዌር ሲቀነስ ነጥቡ ከማዕከሉ ያለው ርቀት ስኩዌር።

ይህ ሕግ ከክርስቶስ ልደት ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በተጻፈው በኤውክሊድ ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ 35ኛው ነው። ከማዕከሉ የሚወርደው ቀጤ ነክ አውታሩን እኩል ይከፍላል የሚለው እዚያው 3ኛው ነው። በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማረጋገጫ በተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች የሚሄድ ነው፤ ያምራል፤ ግን ከመጀመሪያው ሕግ ጋር ያለውን ዝምድና ይሸፍናል። ለዚህ ነው እኔ ይህኛውን የመረጥኩት።

አሁን የሁለተኛው ሕግ ጥቅም ይታያችሁ። 80 ጊዜ 80 ከ40 ጊዜ 160 ጋር እኩል ነው ስንል፣ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማዕከሉ የለም። ጥልቀቱና የገጹ ስፋት ብቻ ከተሰጡን፣ ቀሪውን 160 እናገኛለን፤ 40 ስንጨምርበት ዲያሜትሩ 200 ይወጣል። ማዕከሉን ሳናይ ክቡን አወቅነው። ፋብሪካ ውስጥ ፑሊ ተሰብሮ ስንዝር የምታህል ቁራጭ ብቻ ብትቀር፣ ምትክ የሚያዘጋጀው ቶርኒተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከቁራጩ ጠርዝ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ቀጥ ያለ ማስመሪያ ያስቀምጣል፤ 240 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። ከማስመሪያው መካከል እስከ ቅስቱ ያለውን ጉብጠት ይለካል፤ 40 ሚሊሜትር። ግማሹ 120፣ በራሱ ሲባዛ 14,400፣ ለ40 ሲካፈል 360፣ 40 ሲደመርበት 400። የፑሊው ዲያሜትር 400 ሚሊሜትር ነበር።

ሐዲዱም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ክቡ ብቻ ነው የገዘፈው። ሁለት ሠራተኞች የሃያ ሜትሩን ሲባጎ ሁለት ጫፍ በውጪኛው ሐዲድ የውስጥ ጉንጭ ላይ ወጥረው ይይዛሉ። ኩርባው ወደ ውጭ ስለሚነፋ ሲባጎው መሃል ላይ ሐዲዱን አይነካም፤ ክፍተት ይተዋል። ሦስተኛው ሰው አሥር ሜትር ላይ ማስመሪያውን ከሲባጎው ወደ ሐዲዱ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጥና ጉብጠቱን ያነባል። 50 ሚሊሜትር ሆነ። ግማሹ አውታር አሥር ሜትር ነው፤ በራሱ ሲባዛ መቶ። መቶን ለ0.05 ብናካፍል 2,000 ሜትር። ሕጉ በጥብቅ ሲነገር ይህ ዲያሜትሩ ሲቀነስ ጉብጠቱ ነው፤ ስለዚህ 5 ሳንቲ ሜትር መጨመር ነበረብን። በሁለት ኪሎ ሜትር ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር መጨመር ትርፉ ድካም ነውና እንተወዋለን። ሬዲየሱ 1,000 ሜትር ነው። ከሐዲዱ ሳይርቁ፣ ኮረብታ ሳይወጡ።

በዚህ ሥራ የትኛው ስህተት እንደሚጎዳና የትኛው እንደማይጎዳ የሚነግረንም ሕጉ ራሱ ነው። ማስመሪያ የያዘው ሰው ከመካከሉ አሥር ሳንቲ ሜትር ስቶ ቢቆምስ? ቁራጮቹ 10 እና 10 መሆናቸው ቀርቶ 9.9 እና 10.1 ይሆናሉ። ብዜታቸው 99.99 ነው። ጉብጠቱ ከ50 ሚሊሜትር ወደ 49.995 ይወርዳል፤ ይህን የሚያነብ ዓይን የለም። ሲባጎው ግን በስህተት አሥር ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ግማሹ 10.05 ይሆናል፤ ብዜቱ 101፤ ጉብጠቱ 50.5። ግማሽ ሚሊሜትር ተሳሳትን። ከሁሉ የከፋው የንባብ ስህተት ነው። 50 የነበረውን 51 ብሎ ያነበበ ሰው ሬዲየሱን 980 ሜትር አደረገው፤ 49 ያለ ደግሞ 1,020። አንዲት ሚሊሜትር ሃያ ሜትር ይዛ ትሄዳለች! ስለዚህ ሲባጎው ቀጭንና የተወጠረ መሆን አለበት፤ ነፋስ ሲመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የድሬን ነፋስ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሲባጎውን እጥፍ አድርጎ አርባ ሜትር ማድረግ ጉብጠቱን አራት እጥፍ፣ 200 ሚሊሜትር ያደርገዋል፤ ያኔ አንድ ሚሊሜትር የሚያሳስተው አምስት ሜትር ብቻ ነው። በሌላ በኩል አርባ ሜትር ሲባጎ ነፋስ ይበልጥ ይጫወትበታል፤ ትንንሽ ጥፋቶችንም ይውጣቸዋል። ሁሉም ነገር ዋጋ አለው።

አንድ ልኬት ሬዲየስ ይሰጣል። የጥገና ሰው ግን ከሬዲየሱ ይልቅ ኩርባው በየቦታው እኩል መታጠፉ ነው የሚያሳስበው። ባቡሩን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ፣ ሬዲየሱ ባጠረ ቁጥር ይጨምራል፤ ይህም ማለት ከጉብጠቱ ጋር እኩል ያድጋል ማለት ነው። ሙቀት ደግሞ ሐዲድን አርፎ እንዲተኛ አይተወውም። ብረት በነፃነት ቢለቀቅ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ30 ዲግሪ ሲሞቅ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ጠጠሩ አጥብቆ ይዞት ስለማይረዝም ውስጡ ይጨነቃል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ጭንቀቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጠጠሩ በሳሳበት ቦታ ሐዲዱ ትንሽ ይወጣል። በዓይን አይታይም፤ ሲባጎው ግን ይናገራል።

ስለዚህ ሐዲዱ ላይ በየአሥር ሜትሩ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ሃያ ሜትሩ ሲባጎ በአንድ በአንድ ምልክት እየተገፋ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ምልክት ላይም ጉብጠት ይነበባል። ይህ በፈረንሳዊው የባቡር መሐንዲስ በሃላድ ስም የሚጠራ ዘዴ ነው። ጤናማ ባለ አንድ ሺህ ሜትር ኩርባ ላይ ንባቡ 50፣ 50፣ 50፣ 50፣ 50 እያለ ይቀጥላል። አንድ ቀን ግን እንዲህ ወጣ እንበል፦ 50፣ 46፣ 58፣ 46፣ 50። ምን ሆነ? ልምድ የሌለው ሰው ሦስት ቦታ ተበላሽቷል ይላል። የተበላሸው አንድ ቦታ ነው። መካከለኛው ምልክት ስምንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። በራሱ ቦታ ሲለካ ጉብጠቱ በስምንት ጨመረ፤ 58 ሆነ። ጎረቤቱ ሲለካ ግን ያ የወጣው ነጥብ የሲባጎው ጫፍ ነው። ጫፉ ስምንት ወደ ውጭ ሲሄድ የሲባጎው መካከል በግማሹ፣ በአራት፣ ወደ ሐዲዱ ይጠጋል፤ ክፍተቱም በአራት ይቀንሳል። በግራም በቀኝም እንዲሁ። ለዚህ ነው 46 እና 46 የሆነው። መካከሉን ስምንት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ መመለስ ሦስቱንም ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ያስተካክላል። ጎረቤቶቹን የነካ ሰው ግን ጥፋቱን ወደ ቀጣዮቹ ምልክቶች ያዛምተዋል።

እዚያ ቦታ ላይ የሚያልፈው ባቡር የሚሰማው ደግሞ ቁጥሮቹ እንደሚሉት ነው። ከ46 ወደ 58 ተመልሶ ወደ 46፤ የጎን ግፊቱ መጀመሪያ ከታሰበው በ8 በመቶ ያንሳል፣ ወዲያው በ16 በመቶ ይበልጣል፣ መልሶ ያንሳል። በሃያ ሜትር ውስጥ። ጭነት የያዘ ፉርጎ ይህን በመወዛወዝ ይመልሳል፤ ውዝዋዜው ደግሞ ያንኑ ቦታ ይበልጥ ይገፋዋል።

ሕጉ የማይሠራበትንም ልንገራችሁ። በሲባጎው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ሐዲድ የአንድ ክብ ቅስት ካልሆነ፣ የወጣው ሬዲየስ የሐዲዱ ሬዲየስ አይደለም። ኩርባው በሚጀምርበት ቦታ የሚሆነው ይህ ነው። ባቡር ከቀጥታ መስመር በድንገት ወደ ባለ አንድ ሺህ ሜትር ክብ አይገባም፤ ቢገባ ተሳፋሪው እንደተገፈተረ ይሰማዋል። በመካከል መሸጋገሪያ ይሠራለታል፤ ጉብጠቱም 10፣ 20፣ 30፣ 40 እያለ በእኩል እርምጃ ወደ 50 ይወጣል። እዚያ ላይ የሚፈለገው የቁጥሮቹ እኩልነት ሳይሆን የእርምጃቸው እኩልነት ነው። 10፣ 18፣ 34፣ 38 ያየ ሠራተኛ የት ቦታ እንደሚንበረከክ ያውቃል።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ ይህን ትምህርት በሰጠሁበት ቦታ ሁሉ ከሠራተኞች ይነሳል። ቁጥሮቹ ብዙ ቦታ ከተዛቡ፣ ለምን ሁሉንም እንደፈለግን ደልድለን አንድ ልዝብ ኩርባ አናወጣም? መደልደል ይቻላል፤ አንድ ነገር ግን መለወጥ አይቻልም። 50፣ 46፣ 58፣ 46፣ 50ን ደምሩ፤ 250 ነው። ጤናማዎቹን አምስት 50ዎች ደምሩ፤ ያው 250 ነው። አንድ ነጥብ ሲገፋ በራሱ ላይ ስምንት ይጨምራል፣ ከግራ አራት፣ ከቀኝ አራት ይቀንሳል፤ ድምሩ አይነቃነቅም። ምክንያቱም ድምሩ የሚለካው ኩርባው በጠቅላላ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ነው። በሃያ ሜትር ሲባጎ በየአሥር ሜትሩ ስንለካ እያንዳንዱ 50 ሚሊሜትር ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ ለሚበልጥ መታጠፍ ይቆማል፤ የአንድ ሙሉ ኩርባ ጉብጠቶች ድምር 2,500 ሚሊሜትር ከሆነ ሐዲዱ 28.6 ዲግሪ ዞሯል ማለት ነው። ያ ማዕዘን የተወሰነው ከኩርባው በፊትና በኋላ ባሉት ቀጥታ መስመሮች ነው። ጠጋኙ ጠጠር ሊጨምር፣ ሐዲዱን በዘንግ ሊገፋ ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ያወጣው አዲስ የጉብጠት ዝርዝር ተደምሮ 2,480 ወይም 2,520 ከመጣ ግን ዘንጉን ያስቀምጥና ስሌቱን እንደገና ይጀምር፤ እንዲያ ያለ ኩርባ ከሁለቱ ቀጥታ መስመሮች ጋር አይገጥምም።